መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ዕቅድ ከሰሌዳው ይጀምራል

«መጽሐፍ አልመጣ፣ መብራት የለ፤ የነገውን ትምህርት በምን ላቅደው?» ሲል በገጠር ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት መምህር ጠየቀኝ።

ከሰሌዳው ጀምር አልሁት። የዕለት ትምህርት ዕቅዳችን ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና እየተባለ በዓምድ የተከፋፈለ ነው። መርጃ መሣሪያ በሚለው ዓምድ ሥር «የተማሪው መጽሐፍ» ተብሎ ይሞላል፤ ይፈረምበታልም። መጽሐፉ ግን ክፍሉ ውስጥ የለም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር በብዙ ቦታ መጽሐፉ ታትሞ ሳይደርስ በሶፍት ኮፒ ብቻ ነበር የተገኘው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ሶፍት ኮፒውን ለማንበብ በመጀመሪያ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ከተማ መውረድ ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ልጁ የሚያየው ብቸኛ ገጽ ሰሌዳው ስለሆነ፣ ዕቅዱ በትክክል ሊይዘው የሚገባው ነገር ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሰሌዳው ምን እንደሚመስል ነው። ለዚህም መምህሩ በዋዜማው ደብተሩ ላይ ሰሌዳውን ይሣለው።

ሰሌዳውን በሦስት መክፈል ይበቃል። በግራ በኩል የዕለቱ ርዕስና አንድ የተሠራ ምሳሌ ይቀመጣል፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አይጠፋም። መሐሉ የመሥሪያ ቦታ ነው፤ ይጻፍበታል፣ ይጠፋል። ቀኙ ለመልመጃ ይተዋል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ የሚገለብጡት ግራውንና ቀኙን ብቻ ነው። ይህ ቁም ነገር ነው፤ መጽሐፍ በሌለበት ክፍል የ40 ደቂቃውን ጊዜ የሚበላው ግልበጣ ነውና። በደቂቃ ስድስት ቃል የሚጽፍ ልጅ የ60 ቃል ማስታወሻ ለመገልበጥ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ቀስ ብሎ የሚጽፈው ደግሞ ሳይጨርስ ሰሌዳው ይጠፋበታል። መምህሩ የራሱን ተማሪዎች ፍጥነት አንድ ቀን በሰዓት ለክቶ ማስታወሻውን በዚያው ልክ ያሳጥር። የፊደሉን መጠን ደግሞ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ጥቂት ጽፎ ከኋለኛው ወንበር ሁለት ጫፎች ላይ ተቀምጦ ይየው። ብርሃኑ ከመስኮት ብቻ ስለሚመጣ ከአንደኛው ጫፍ የሰሌዳው ግማሽ አንጸባርቆ ጭራሽ አለመታየቱ የተለመደ ነው።

ወጣቱ መምህር የነገ ርዕሱ ባለሁለት አኃዝ ቁጥሮችን በመበደር መቀነስ ነበር። የክፍሉ ተማሪዎች 60 ናቸው። አምስት አምስት ሆነው ቢቀመጡ 12 ቡድን ይወጣቸዋል። እያንዳንዱ ልጅ የትንሽ ጣቱን ያህል ርዝመት ያላቸው 12 የደረቁ ጭራሮዎች ከቤቱ ይዞ ቢመጣ፣ ቡድኑ 60 ጭራሮ፣ ማለትም ስድስት የአሥር እስር ይኖረዋል። እስሩ በቃጫ ወይም በጨርቅ ክር ይታሰራል፤ ነገር ግን ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ መሆን አለበት። ጠብቆ ከታሰረ ልጆቹ ሒሳቡን ትተው ከቋጠሮው ጋር ይታገላሉ። በቆርኪ ወይም በባቄላ መቁጠርም ይቻላል፤ ለዚህ ትምህርት ግን ጭራሮ ይሻላል እላለሁ። አሥሩ ተሰብስቦ አንድ ሲሆንና አንዱ ተፈትቶ አሥር ሲሆን በዓይን የሚታየው በእስሩ ነው። ፍሬ ይዘው ለሚመጡ ልጆች ግን ጉሎ እንዳያመጡ አስቀድሞ መንገር ያሻል፤ ዥንጉርጉር ቆንጆ ፍሬ ስለሆነ ይወዱታል፣ መርዝ ነው።

ትምህርቱ ሲጀመር እያንዳንዱ ቡድን 64ን ለመሥራት ስድስቱን እስር ያስቀምጥና ከመምህሩ አራት ነጠላ ጭራሮ ይጨመርለታል። ለ12 ቡድን 48 ትርፍ ጭራሮ ያስፈልጋልና ይህ ዋዜማውን በዕቅዱ ይጻፍ። ከዚያ መምህሩ «38 ስጡኝ» ይላል። ሦስቱን እስር ማንሳት ቀላል ነው። ስምንት ነጠላ ግን የለም። እዚህ ላይ መምህሩ ዝም ብሎ ይጠብቅ፤ አንዱ ልጅ እስር መፍታቱ አይቀርም። እስሩ ሲፈታ ነጠላዎቹ 14 ይሆናሉ፤ ስምንት ሲሰጥ ስድስት ይቀራል። ያልተፈቱት እስሮች ደግሞ ሁለት ናቸው። መምህሩ ልጆቹ በእጃቸው የሠሩትን እያንዳንዱን ነገር እግር በእግር እየተከተለ በሰሌዳው መሐል በየአሥር ቤትና በየአንድ ቤት ይጽፈዋል፦ 6 ተሰርዞ 5፣ 4ቱ 14፣ መልሱ 26። ጽሑፉ ከጭራሮው ቀድሞ ከተጻፈ ልጆቹ ሰሌዳውን ገልብጠው ጭራሮውን መጫወቻ ያደርጉታል።

ቁጥሩን 64 − 38 ያደረግሁት በአጋጣሚ አይደለም። ዕቅድ ላይ ብዙ መምህራን የማያስቡበት፣ ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ቁጥር መምረጥ ነው። በዚህ ርዕስ ልጆች የሚሳሳቱት ባብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ከላይ ያለውን ከታች ያለውን ሳይለይ ሁልጊዜ ከትልቁ ትንሹን ይቀንሳል፤ 34 ይመጣለታል። ሌላው ይበደርና ከአሥር ቤት አንድ መጉደሉን ይረሳል፤ 36 ይመጣለታል። ስለዚህ መምህሩ መልሱን ሲያይ ልጁ የቱ ጋ እንደሳተ ያውቃል። 52 − 27 ቢሰጥ ኖሮ ትክክለኛው መልስ 25 ሲሆን ሁለቱም ስሕተቶች 35 ይሰጣሉና መለየት አይቻልም ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ልጁ መሳሳቱን ብቻ እንጂ ምን እንዳልገባው አይናገርም። የሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ቤት አኃዞች ልዩነት አምስት እንዳይሆን፣ ሁለቱ ስሕተቶች የተለያየ ቁጥር መስጠታቸውንም በራስ ሠርቶ ማየት ያስፈልጋል፦ በ73 − 45 ትክክሉ 28፣ አንዱ ስሕተት 32፣ ሌላው 38 ነው። ምዘናውም ወረቀት አይፈልግም። ልጆቹ መልሱን በደብተራቸው ላይ አግዝፈው ጽፈው አንድ ጊዜ ከፍ ያደርጉታል፤ መምህሩ በዓይኑ 32 የያዙትንና 38 የያዙትን ለይቶ ነገ ማን እንደገና ጭራሮ እንደሚይዝ ይወስናል።

የመልመጃውን እጥረት የሚሞሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የዕቃ ካርቶን መዳፍ በሚያህል መጠን ይቆረጥና እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ፊቱ የራሱን ጥያቄ፣ በጀርባው መልሱን ይጽፋል። በአንድ ጊዜ 60 ጥያቄ ተገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከጀርባው ያለው መልስ ስሕተት ሊሆን ይችላልና ካርዱ ወደ ሣጥን ከመግባቱ በፊት ሌላ ቡድን በመደመር ይፈትሸው፦ 26 እና 38 ሲደመሩ 64 ካልመጣ ካርዱ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ጭራሮው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ መቀመጥ አለበት። መጀመሪያ በጭራሮ፣ ቀጥሎ እስሩን በረጅም መስመር፣ ነጠላውን በነጥብ እየሣሉ፣ በመጨረሻ በቁጥር ብቻ። ባለሦስት አኃዝ ላይ ሲደረስ ለእያንዳንዱ ቡድን በመቶ የሚቆጠር ጭራሮ ማምጣት አይታሰብም፤ ያኔ ሥዕሉ ይተካዋል።

ይህ ሁሉ ለሒሳብ ይሠራል። ለንባብ አይበቃም። ማንበብ የሚለምድ ልጅ ማታ ቤቱ ይዞት የሚሄድ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ ሰሌዳ ወደ ቤት አይሄድም። ስለዚህ ያሉት ጥቂት መጻሕፍት ለሁሉም ትምህርት እኩል ከመበተናቸው በፊት የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የቋንቋ መጽሐፍ ይቅደም። ሱፐርቫይዘሮችም ዕቅድ ሲያዩ የዓምዶቹን መሞላት ከመቁጠር ይልቅ «ሰሌዳህ ምን ይመስላል? እነዚህን ቁጥሮች ለምን መረጥህ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያም ክፍሉ ገብተው ከኋላ ወንበር ይቀመጡ።