እርማት፦ ፒኤች 7 ላይ አሴቴት ባፈር?

«ባፈር እስከሆነ ድረስ አሴቴቱን ፒኤች 7 ላይ ካስተካከልኩት በቃ ንቅንቅ አይልም አይደል?»

ኧረ ይላል ወዳጄ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ባፈር ፒኤች የሚይዘው ደካማው አሲድ የመጣበትን ቤዝ፣ ኮንጁጌት ቤዙ ደግሞ የመጣበትን አሲድ ስለሚበላ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም በደንብ መኖር አለባቸው። የአሴቲክ አሲድ ፒኬኤ፣ ማለትም አሲዱና ኮንጁጌት ቤዙ አሴቴት እኩል የሚሆኑበት ፒኤች፣ 4.76 ነው፣ ፒኤች 7 ላይ አሴቴቱ የአሲዱን 174 እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም አንድ ሊትር 0.1 ሞላር ባፈር ውስጥ የቀረህ አሲድ 0.57 ሚሊሞል ብቻ ነው። እዛ ላይ 1 ሚሊሞል NaOH ስትጨምር አሲዱ ያልቅና ፒኤቹ ወደ 10.6 ይተኮሳል (HCl ቢሆን እንኳን ወደ 6.56 ይወርዳል)።

በዚሁ መጠን ፎስፌት ብትሰራ ግን፣ የH2PO4⁻ ፒኬኤ 7.2 ገደማ ስለሆነ ሁለቱም በብዛት አሉ፣ ያው 1 ሚሊሞል NaOH ከ7.00 ወደ 7.02 ነው የሚወስድህ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልገውን ፒኤች ያዝ፣ ከዛ ፒኬኤው ከሱ በ1 የማይርቅ፣ ቢቻል ደግሞ የበለጠ የሚቀርብ የአሲድና ቤዝ ጥንድ ፈልግ። ካልሲየም ያለበት ነገር ከሆነ ደግሞ ፎስፌት ይዘቅጥብሃል፣ ደፍርሶ ታየዋለህ፣ እዛ ጋ ፒኬኤው 7.5 አካባቢ የሆነው ሄፔስ የሚባለው ባፈር ይሻልሃል።