ማሾ ሲበቅል ፕሮቲኑ ይጨምራል?

«የበቀለ ማሾ በደረቅ ክብደት ሲሰላ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል ይባላል። እውነት ነው? ካርቦሃይድሬቱና ፋይበሩስ?»

በመቶኛ ከፍ ይላል፤ በግራም ግን አይጨምርም። ይህን ልዩነት ሳይናገሩ «ማብቀል ፕሮቲን ይጨምራል» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው ብዬ አምናለሁ።

ፕሮቲን ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። በንጹህ ውኃ ተነክሮ የሚበቅል ፍሬ ደግሞ ናይትሮጅን የሚያገኝበት አፈር የለውም። ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን የሚወስደው ሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ስለሆነ፣ በጥቂት ቀን ቡቃያ ይህ አይታሰብም። ስለዚህ ፍሬው የያዘው ናይትሮጅን መጀመሪያ ይዞት የመጣው ብቻ ነው። እንዲያውም ከመንከሪያው ውኃ ጋር ጥቂቱ ሊደፋ ይችላል።

ታዲያ መቶኛው ለምን ያድጋል? የሚበቅል ፍሬ ይተነፍሳል። ስታርቹን ወደ ስኳር ይሰባብርና ከስኳሩ ከፊሉን ለጉልበት ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ውኃው ሳይቆጠር 100 ግራም የሚመዝን ማሾ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሲበቅል፣ በአብዛኛው ከካርቦሃይድሬቱ፣ 15 ግራም ቢያጣ 85 ግራም ይቀራል። ያው 26 ግራም ፕሮቲን ለ85 ሲካፈል ወደ 31 በመቶ ይጠጋል። አንድም ግራም አልተጨመረም፤ አካፋዩ ነው ያነሰው። በየቀኑ የሚጠፋው እንደ ሙቀቱና እንደ ቀኑ ብዛት ስለሚለያይ 15 የሚለውን ለምሳሌ ብቻ ውሰዱት።

ሌላው ስህተት እርጥቡን ከደረቁ ጋር ማወዳደር ነው። ከ100 ግራም እርጥብ የማሾ ቡቃያ 90 ግራሙ ገደማ ውኃ ስለሆነ ፕሮቲኑ 3 ግራም ብቻ ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ደግሞ ማብቀል ፕሮቲን አጠፋ ይላል። እሱም ልክ አይደለም።

ፋይበር ላይ መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም። የፍሬው ፋይበር ለመተንፈሻ አይውልም ማለት ይቻላል፤ በዚያ ላይ እያደገ ያለው ሥርና ግንድ አዲስ የሕዋስ ግድግዳ ስለሚሠራ በግራምም ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን ቡቃያው ሲታጠብ አረንጓዴው ገለባ ተንሳፎ ከተጣለ ብዙ ፋይበር አብሮ ይሄዳል። ገለባው ተቆጥሮ ይሁን ተጥሎ ያልገለጸ ውጤት ብዙም አይጠቅመኝም።

ለራሱ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ከአንድ ከረጢት እኩል የሆኑ ሁለት መጠኖች ይመዝን። አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን አብቅሎ ገለባውን ሳይጥል፣ ሁለቱንም በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ክብደታቸው መቀነስ እስኪያቆም ያድርቃቸው። በሁለቱ ደረቅ ክብደቶች መካከል ያለው ልዩነት ፍሬው በመተንፈስ ያቃጠለው፣ በውኃ የታጠበውም ተደምሮበት ነው። የፕሮቲን መቶኛ የሚያወጣ ሁሉ ይህን የጠፋ ክብደት አብሮ ሊያወጣ ይገባል፤ ያኔ አንባቢው ከ100 ግራም ደረቅ ፍሬ ስንት ግራም ፕሮቲን እንደቀረ ራሱ ማስላት ይችላል።