ከባድ ሲቪ፣ ቀላል ሥራ

አገር ቤት የሥራ ማስታወቂያ «የመጀመሪያ ዲግሪና 2 ዓመት የሥራ ልምድ» ካለ፣ 12 ዓመት የሠራ ሰው ቢያመለክት ብዙም አይገርምም። ትርፉ ቢጠቅመው እንጂ አይጎዳውም። ሲቪውም የማስረጃ ዝርዝር ነው። ዲግሪው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው፣ የሥልጠና ሰርተፍኬቱ አንድም ሳይቀር ይደረደራል።

ይህን ልማድ ይዘን ነው ውጭ የምንወጣው። ለጀማሪ የሥራ መደብ ያንኑ ከባድ ሲቪ እንልካለን። መልስ የለም። ከመጣም «ብቃትዎ ከሥራው በላይ ነው» የሚል ነው። ብዙዎቻችን ይህን የንቀት ጨዋ ስም አድርገን እንወስደዋለን። አንዳንዴ እውነት ነው፤ በተለይ ዕድሜ ለመጥቀስ የፈራ ቀጣሪ ከዚህች አባባል ጀርባ ይደበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀጣሪው የሚጠራጠረው ችሎታችንን ሳይሆን ቆይታችንን ነው። አዲስ ሰው ሥራውን እስኪለምድ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ለምዶ ወዲያው ከሄደ ቅጥሩ እንደገና ሊጀመር ነው፤ ሰውየውን የመረጠውም ይጠየቅበታል።

ስጋቱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ለማየት አንድ የአሜሪካ ክስ ይበቃል። በኮነቲከት ግዛት ኒው ለንደን ከተማ አንድ ሰው ፖሊስ ለመሆን ተፈተነና 33 አመጣ። ከተማው ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው ከ20 እስከ 27 ያመጡትን ነበር። ከዚያ በላይ ያመጣ ይሰለቻል፣ ከሠለጠነ በኋላ ይለቃል ተባለ። ሰውየው ከሰሰ። በ2000 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ። ስጋቱ ልክ ይሁን አይሁን መረጋገጥ አላስፈለገውም፤ አሳማኝ ምክንያት መሆኑ በቃ።

እንግዲህ አንዲት የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ የነበረች ሴት እናስብ። 12 ዓመት ሠርታለች፣ ሁለተኛ ዲግሪ አላት፣ በሥሯ 9 ሰው ነበር። የምታመለክተው የአቅራቢዎችን ደረሰኝ መዝግቦ ክፍያ ለሚያዘጋጅ ጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ነው። የሲቪዋ አናት ላይ «ፈታኝ የአመራር ቦታ እፈልጋለሁ» ይላል። ከሌላ ማመልከቻ የተረፈ ነው። የሚያነበው ሰው መጀመሪያ የመጨረሻ ማዕረጓን ያያል፣ ቀጥሎ ዓመታቱን። «ይህቺ ሴት እዚህ ምን ትፈልጋለች?» ይላል። ሲቪው መልስ ስለሌለው እሱ ራሱ ይመልሳል፦ የተሻለ እስክታገኝ መጠለያ ፈልጋለች፣ ደመወዙ ያንሳታል፣ ከእሷ በዕድሜ የምታንስ አለቃ ስታዝዛት አትወድም።

የመጀመሪያው ማስተካከያ መልሱን እሷው መስጠቷ ነው። አናቱ ላይ ያለው ይውጣና ሁለት ዓረፍተ ነገር ይግባ፦ «በአዲስ አገር የሂሳብ ሙያዬን ከመሠረቱ ለመጀመር ወስኛለሁ። የምፈልገው ሰው ማስተዳደር ሳይሆን በየቀኑ ሂሳቡን ራሴ መሥራት ነው።» እውነት ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ። ማዕረጓ እንዳለ ይቀመጥ፤ ከሥሩ የሚዘረዘረው ሥራ ግን ይቀየር። «9 ሠራተኞችን መርቻለሁ» ከሚለው ይልቅ ደረሰኝ ከግዢ ትዕዛዝ ጋር ማመሳከሯ፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቋ፣ የተጠቀመችበት ሶፍትዌር ይቅደም። አዲሱ ሥራ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ትምህርቷም ወደ መጨረሻ ይውረድ።

ዲግሪውን ጨርሶ ማጥፋት የሚመክሩ አሉ። ሲቪ ላይ ሁሉን መዘርዘር ግዴታ አይደለም፤ እሱ ልክ ነው። ግን ብዙ መሥሪያ ቤት ሙሉ የትምህርትና የሥራ ታሪክ የሚጠይቅ ፎርም አስሞልቶ ያስፈርማል። እዚያ ላይ መደበቅ ከተቀጠሩ በኋላም ሊያስባርር ይችላል። የሥራ ዓመታትን መሰረዝማ የባሰ ነው። በመሀል የሚቀረው ክፍተት ከማዕረጉ በላይ ጥያቄ ያስነሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ አሳጥሩት እንጂ አትደብቁት።

ኢንተርቪው ላይ የእኛ ሰው የሚሸነፍባት አንዲት አባባል አለች፦ «ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።» አገር ቤት ትሕትና ናት። እዚህ «ምርጫ አጥቻለሁ» ተብላ ትሰማለች። ሴትየዋ ይህንን ሥራ ለምን እንደመረጠች በስሙ ጠርታ ትናገር። ደመወዝ ሲነሳም ማስታወቂያው ላይ ያለውን አይታ እንዳመለከተችና በዚያው እንደምትስማማ ሳይጠይቋት ብትናገር ይሻላል። ስለ ወጣቷ አለቃ ደግሞ «ችግር የለብኝም» ማለት ብዙ አያሳምንም። ከእሷ በማዕረግ ወይም በዕድሜ ከሚያንስ ሰው ሥራ የተማረችበትን አንድ እውነተኛ አጋጣሚ ብትናገር ይበልጣል።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታ አለ። የምትቀጥራት አለቃ ራሷ ወንበሬን ትወስድብኛለች ብላ ከፈራች የትኛውም ሲቪ አያረጋጋትም። ያኔ ከጀማሪው ቦታ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ማመልከት ያዋጣል፤ በማዕረጓና በሥራው መካከል ያለው ርቀት ስለሚጠብ፣ «እዚህ ምን ትፈልጋለች?» የሚለው ጥያቄም ያን ያህል አይነሳም።