ያልታሰረ ሄልሜት ኮፍያ ነው

«ሄልሜት አድርጌያለሁ፤ ማሰሪያውን ባላስረው ምን ችግር አለው?»

ወንድሜ፣ ችግሩን ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ አይቼዋለሁ። አስፋልቱ እርጥብ ነበር፣ ፊቴ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ቆመ፣ እኔም ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ተንሸራትቶ ጣለኝ። ሄልሜቱ ገና እኔ መሬት ሳልነካ ወልቆ ቁልቁል ይንከባለል ነበር። ጭንቅላቴ የተረፈው እጄ ቀድሞ ስላረፈ ነው፤ እጄ ግን ተሰበረ።

ከፕላስቲኩ ስር ያለው ጠንካራ ፎም ነው ሥራውን የሚሠራው። ሲመታ ይጨፈለቃል፣ ጭንቅላትህ የሚቆምበትን ጊዜ ያረዝማል። ይህን የሚያደርገው ግን ራስህ ላይ ካለ ብቻ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። እሰረውና ከኋላ በኩል ጠርዙን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ፊት ግፋው። ከወለቀ ወይ ሰፍቶሃል ወይ ማሰሪያው ላልቷል። በማሰሪያውና በአገጭህ መካከል ሁለት ጣት ከገባ ይበቃል፣ እጅ ሙሉ የሚያስገባ ከሆነ አጥብቀው።

ተሳፋሪ የምትጭን ከሆነ ደግሞ ለእሱ የምትሰጠውን እየው። አብዛኛውን ጊዜ ዘለበቱ የተሰበረው አሮጌው ለኋለኛው ሰው ነው የሚደርሰው (እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም)። አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜትም ከውጭ ደህና ቢመስል ፎሙ ተጨፍልቋል፣ ተመልሶ አይነፋም። የእኔን እዚያው ቀን ጣልኩት።