«አንዲት ቁጥር ብቻ ናት»

ሐዋሳ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት ከፍቶ የሚሠራ ሰው ከመብራት መጥፋት ቀጥሎ የሚፈራው ነገር «አንዲት ቁጥር ብቻ ናት» የሚል ደንበኛ ነው። ይህ ደንበኛ ወንበር ስቦ አይቀመጥም። ባጃጁን ደጅ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ አቁሞ፣ ሰነዱ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር እንድትቀየርለት ስልኩን በመስኮት ያቀብላል። ፋይሉ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ፒዲኤፍ ነው። «ወርዱስ?» ሲባል መልሱ ከአቶቴ እስከ ታቦር አንድ ዓይነት ነው፦ የጻፈችው ልጅ አግብታ ሄዳለች፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጓል፣ ፍላሹን ቫይረስ በልቶታል። በዚህች ከተማ ፒዲኤፉ በየስልኩ ያልገባ ሰነድ የለም፤ ወርዱን በዓይኑ ያየ ሰው ግን አይገኝም።

«ታዲያ ፒዲኤፉን ወደ ወርድ ኮንቨርት አድርገዋ!» ይባላል ቀጥሎ። ዋጋው ላይ ያለው አስተያየትም የታወቀ ነው። ቁጭ ብለን ስንተይብ በገጽ የተጠየቀውን ብዙም ሳያንገራግር የሚከፍል ሰው፣ ኮንቨርት የተባለ እንደሆነ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። ማሽኑ ነዋ የሠራው! ሰው ሲለፋ ካላዩ መክፈል የማይሆንላቸው ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዳንዴ ያለ ምክንያት ኪቦርዱን መደብደብ ይቃጣኛል።

አንድ የእድር ዳኛ የመተዳደሪያ ደንባቸውን ይዘው መጡ። አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ አሥሩ ገጽ አንቀጽ በአንቀጽ የተጻፈ ደንብ፣ አንዱ የክፍያ ሠንጠረዥ፣ የመጨረሻው የአባላት መመዝገቢያ ቅጽ። አባል ሲሞት ለቤተሰቡ የሚከፈለው 6,000 ብር የነበረው 10,000 እንዲሆን ጠቅላላ ጉባኤው ወስኗል።

«አንዲት ቁጥር ብቻ ናት ልጄ» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ፤ የት የት ነው ያለችው?»

አንቀጽ 14 ላይ። ሠንጠረዡም ላይ። ለካ ቅጹም ግርጌ ላይ ተጽፋለች። አንዲቷ ቁጥር ሦስት ሆነች፤ ይህ እንኳ ቀላሉ ነው።

ወርድ ከ2013 እትሙ ጀምሮ ፒዲኤፍን ራሱ ይከፍታል። ከመክፈቱ በፊት ግን «ውጤቱ ልክ እንደ ኦርጅናሉ ላይሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ይህን ማስጠንቀቂያ አንብቦ የሚያውቅ ሰው ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ። OK አልኩና ተከፈተ። ዳኛው በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው ሲያዩ አርማው ከላይ፣ ርእሱ መሐል፣ አንቀጹ በቦታው። «ይኸው! ቁጭ!» አሉ።

6,000ን አጥፍቼ 10,000 ጻፍኩ። አንድ አኃዝ ብቻ ጨመረ። የመስመሩ የመጨረሻ ቃል ተገፍታ ወደ ታች ወረደችና አንድ መስመር ለብቻዋ ያዘች። የገጹ የመጨረሻ መስመር ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገረ፤ ከሥሩ የገጽ መቁረጫ ስለነበረ አንድ መስመር ብቻ የተጻፈበት ባዶ ገጽ ተፈጠረ። «ገጽ 5» የሚለው ግርጌ ደግሞ የደንቡ አካል መስሎ አንቀጽ 14ን ለሁለት ከፍሎ መሐል ገባ። ዳኛው ቀና አሉ። «ምን ነካህበት?»

ምንም አልነካሁበትም። `Ctrl+Shift+8` ስጫን የተደበቁት ምልክቶች ወጡ፤ በየመስመሩ መጨረሻ የአንቀጽ ማብቂያው ¶ ተቀምጧል። ለዓይን አንድ አንቀጽ የሚመስለው ለወርድ ስምንት አንቀጽ ነው። እንዲህ የሚሆነው ፒዲኤፍ አንቀጽ የሚባል ነገር ስለማይዝ ነው። አንዱን ፒዲኤፍ ከፍቶ ሆዱን ላየ ሰው ከውስጥ የሚያገኘው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ነው፦

```
BT
/F1 12 Tf
72 540 Td
<0012004500A3> Tj
ET
```

ሲነበብ፦ F1 የተባለውን ፎንት በ12 መጠን ያዝ፤ ከግራ 72፣ ከታች 540 ላይ ቁም፤ እነዚህን ሦስት ቅርጾች ሣል። መለኪያው የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ ነው፤ ስለዚህ 72 ማለት አንድ ኢንች ኅዳግ ነው፤ ኤ4 ወረቀትም በዚህ ልክ ወርዱ 595፣ ቁመቱ 842 ይሆናል። «አንቀጽ እዚህ ተጀመረ»፣ «ይህ ሠንጠረዥ ነው»፣ «ይህ የገጽ ቁጥር ነው» የሚል የለበትም። ያንን የሚናገር ታግ አብሮ የተቀመጠበት ፒዲኤፍ አለ፤ በፕሪንት ትእዛዝ የወጣው ግን ብዙውን ጊዜ የለውም፤ የእኛ ሰፈር ፒዲኤፍ ደግሞ ሁሉም በፕሪንት የወጣ ነው።

ስለዚህ ኮንቨርተሩ ይገምታል። ፍቅር ሐይቅ ላይ የተነሣ የሠርግ ፎቶ ለማያውቅ ሰው ሰጥታችሁ «የዘር ሐረጉን ጻፍልኝ» እንደማለት ነው። ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ ያያል፤ ማን ለማን ምን እንደሆነ አያውቅም። ከሙሽራዋ ጎን ሱፍ የለበሰውን ረጅሙን ሙሽራ ብሎ ይጽፋል፤ ሚዜው ነበር። ኮንቨርተሩም ሁለት መስመር ሲቀራረብ አንድ አንቀጽ ነው ይላል፣ ሰፋ ያለ ክፍተት ሲያይ ዓምድ ነው ይላል፣ ግራ ሲገባው ጽሑፉን በሳጥን ከትቶ እንደነበረ ይተክለዋል። በጣም ያማረ የሚመስለው ኮንቨርት አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሳጥኖች የተሞላው ነው፤ ለማየት እንጂ ለመንካት አልተሠራም።

ሠንጠረዡ ጋ ስንደርስ ነገሩ ቤተሰብ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ጸሐፊ መስመር ሳያሰምር፣ ግራውን ጽፎ በስፔስ እየገፋ ነበር ብሩን ያሰለፈው። በግራ «ለአባል፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ» እያለ ይወርድና «ከአባሉ ጋር በአንድ ቤት ለሚኖር የቅርብ ዘመድ» የሚለው ረዝሞ ሁለት መስመር ይይዛል፤ ከዚያ «ለወላጅ» እና «ለአማት» ይከተላሉ። በግራ ሰባት መስመር፣ በቀኝ ስድስት ሂሳብ ማለት ነው። ኮንቨርተሩ ሁለተኛውን መስመር ራሱን የቻለ ረድፍ አደረገውና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ተንሸራተተ። የወላጅን ሂሳብ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ወሰደው፣ ወላጅ የአማትን ወሰደ፣ አማት ባዶ እጇን ቀረች። ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩና፣ «እሱስ እንዳለ ይቆይ» አሉ።

እየሳቅን ነው እንጂ ነገሩ አስፈሪ ነው። የተበላሸ ገጽ ራሱን ይናገራል፤ የተንሸራተተ ሂሳብ ግን ንጹሕ ሆኖ፣ ተሰልፎ፣ ልክ መስሎ ይወጣል። ሠንጠረዥ ያለው ሰነድ ኮንቨርት ከተደረገ ከፒዲኤፉ ጋር ረድፍ በረድፍ መመሳከር አለበት፤ ማመሳከሩ ደግሞ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ከመሥራት ይረዝማል።

ቅጹ የባሰ ነበር። እሱ ከደንቡ ቀድሞ፣ በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚያገኙበት ዩኒኮድ ውስጥ የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤት እነሱን ይዞ ቆይቷል። ፒዲኤፉ ፎንቱን በሆዱ ስለያዘ ስናየው ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ኮንቨርተሩ ግን ቅርጹን ትቶ ወንበሩን ይጽፋል፤ የሚወጣውም የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ድብልቅ ነው። ዳኛው «ቫይረስ ነው» አሉ። በሐዋሳ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ቫይረስ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከማየት በፊት በአንድ ደቂቃ ማወቅ ይቻላል። ፒዲኤፉ ላይ ሁለት መስመር በማውስ መርጦ ኮፒ ማድረግና ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ነው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ጽሑፉን ማዳን ይቻላል። ዝብርቅርቅ ከወጣ የድሮ ፎንት ነው። ጭራሹኑ መስመር አልመረጥም ብሎ ገጹ በሙሉ እንደ ሥዕል ከተያዘ ስካን ነው፤ ያ ደግሞ ፊደል በሚያነብ ፕሮግራም ማለፍ አለበት፣ ፕሮግራሙም በን ከቡ፣ 6ን ከ8 ማምታታቱ አይቀርም። የገንዘብ ደንብ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ስካን የሆነ ሁለት ሦስት ገጽ ካለ አቀላጥፋ የምትተይብ ልጅ ትቀድመዋለች።

የዳኛውን ደንብ በየዓይነቱ ከፋፈልኩት። አሥሩ ገጽ ኖትፓድ ላይ ጥሩ አማርኛ ስለወጣ እሱን እንደገና መተየብ ጊዜ ማባከን ነው። መልኩን ግን ተውኩት፤ ጽሑፉን ብቻ ወደ አዲስ ወርድ አመጣሁና በየመስመሩ ያለውን ¶ በፈልግና ተካ አነሣሁ። እዚያ ¶ የሚጻፈው ^p ተብሎ ነው። አካሄዱ ሦስት ትእዛዝ ነው፤ በግራ የሚፈለገው፣ በቀኝ የሚተካው፦

```
።^p   →  ።@@
^p    →  (ስፔስ)
@@    →  ^p
```

በአራት ነጥብ ያለቀውን መስመር ምልክት አድርጎ ያቆየዋል፣ የቀረውን ይቀጥለዋል፣ ከዚያ ምልክቱን ወደ አንቀጽ ይመልሳል። ሁለት ጉድለት አለው። አራት ነጥቡ በአጋጣሚ መስመር መጨረሻ ላይ የወደቀበት ቦታ አለአግባብ ይቆረጣል፤ አራት ነጥብ የሌለው ርእስ ደግሞ ከቀጣዩ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ዓይን አይቦዝንም። የአንቀጽ ቁጥሮቹን ሁሉ አጥፍቼ በወርድ በራሱ ቁጥር አወጣጥ ተካኋቸው፤ ከኮንቨርት የመጣው «14» በእጅ እንደተጻፈ ፊደል ስለሆነ መሐል ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ከቦታው አይነቃነቅም። እድር ደግሞ አንቀጽ መጨመር ይወዳል። የገጽ ቁጥሩን ከጽሑፉ አውጥቼ ግርጌ አስገባሁት።

ሠንጠረዡንና ቅጹን ኮንቨርት ያወጣውን ሳልነካ ከባዶ ሠራሁ። ስድስት ረድፍ፣ ሁለት ዓምድ፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። እኔ የምይዘው መለኪያ ይህ ነው፦ አንድ ገጽ ኮንቨርት አድርጌ ¶ን አበራለሁ፤ ያንን ገጽ ለማቃናት የሚፈጀው አንድ ገጽ ከመተየብ የሚበልጥ ከመሰለኝ እዚያው አቆማለሁ። ብዙ ሰው የሚጠፋው «እዚህ ድረስማ መጥቻለሁ» እያለ ሳጥን ለሳጥን ሲንከራተት ነው።

ዋጋ ላይ ስንደርስ ዳኛው ለቅጹና ለሠንጠረዡ ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ ስተይብ አይተዋል። ለአሥሩ ገጽ ግን «እሱማ ከድሮው የመጣ ነው» ብለው ግማሹን አስቀነሱኝ። አማራጭ የለኝም አልኩና ተቀበልኩ።

«ጋሼ፣ ወርዱን ፍላሽዎ ላይ ልጫንልዎ? የሚቀጥለው ጉባኤ ሌላ ቁጥር ቢቀይር...»

«የለም የለም» አሉ፣ ስልካቸውን እያወጡ። «ፒዲኤፍ አድርገህ በቴሌግራም ላክልኝ። ወርድ ከሆነ ማንም እየተነሣ ያበላሸዋል።»