«ሀሙስ አሳውቅሃለሁ» ብላ የጠፋችው ሪክሩተርና የላክሁላት የምስጋና ኢሜይል

እንዴ ሰው ግን! ዛሬ የሆዴን ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ስራዬ አካውንትስ ፔየብል፣ ማለት ድርጅቱ ለገዛው እቃ የሚመጣውን ኢንቮይስ መርምሮ ማስከፈል ነው። የተሻለ ቦታ አመልክቼ ሪክሩተሯ ደወለችልኝ፣ በምሳ ሰዓቴ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን ዘግቼ ላቤ እየተንጠባጠበ 20 ደቂቃ አወራን፣ ደስ የሚል ወሬ ነበር፣ መጨረሻ ላይ በራሷ አንደበት «ሀሙስ አሳውቅሃለሁ» አለችኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ሰው የሚለውን አደረግኩ። ጓደኛዬ የላከልኝን ቴምፕሌት ስሟን ቀይሬ አምስት አንቀጽ የምስጋና ኢሜይል ላክሁ፣ ታታሪ ነኝ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ፣ ለድርጅታችሁ አስተዋፅኦ አደርጋለሁ፣ መዝጊያው ላይ «ስለ ቀጣዩ ሂደት ከእናንተ ለመስማት በጉጉት እጠብቃለሁ»። ሀሙስ አለፈ። ሌላ ሀሙስም አለፈ። ሦስተኛውም አለፈ፣ ጭጭ!

አንድ መስመር መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? «ሌላ ሰው ወስደናል» በይኝና እኔም ቁርጤን ልወቅ። ራስሽ ቀን ቆርጠሽ ሰጥተሽ መጥፋት ነውር ነው፣ ይሄን ቃሌን አላጥፍም፣ ስልኬን በየደቂቃው እያየሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ቦታ በደንብ ሳላመለክት ነው የቆየሁት።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ ሪክሩተር ሆና ሰርታለች፣ ኢሜይሉን አሳየኋት፣ አነበበችና «ወንድሜ፣ ከዚህ ውስጥ ለማናጀሩ የማስተላልፈው የቱን ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ለካ መጀመሪያ የምትደውለው ሰው አትቀጥርም፣ የምታጣራ ብቻ ናት፣ ከስልኩ በኋላ ለሚቀጥረው ማናጀር ስለ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት መስመር ትጽፋለች። አካውንቲንግ ራሷ ላታውቅ ትችላለች። ስለዚህ የምስጋናው መልእክት ኮፒ አድርጋ የምትለጥፈው ነገር ከሌለው፣ ማናጀሩ ጋር የሚደርሰው እያወራን የሞነጫጨረችው ብቻ ነው።

እኔ ላይ ምን እንደሞነጫጨረች ደግሞ እገምታለሁ። «በወር ስንት ኢንቮይስ ትሰራለህ?» ስትለኝ ድንግጥ ብዬ «በጣም ብዙ» ነው ያልኳት። እሺ «በጣም ብዙ» ምን ተብሎ ይጻፋል? በወር ወደ 400 ነው የምሰራው፣ እያንዳንዱን ደግሞ ከግዢ ትእዛዙና እቃው ሲገባ ከተፈረመበት ወረቀት ጋር አስተያይቼ ነው። ባለፈው 40 ካርቶን ጓንት ታዞ 36 ገብቶ ሻጩ የ40 ሂሳብ ሲልክ ክፍያውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ስልኩ ላይ የተበላሸውን መልስ ማታ በዛ ኢሜይል ማስተካከል እችል ነበር፣ እኔ ግን ታታሪ ነኝ ብዬ ላክሁ። ለምንድነው ይሄን ማንም የማይነግረን? «ታንክ ዩ መላክ እንዳትረሳ» ይሉሃል፣ ምን እንደሚጻፍበት የሚነግርህ የለም።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ሪክሩተር ደወለች። በዛው ቀን፣ ቀጠሮ በያዝንበት ኢሜይል ላይ ሪፕላይ አድርጌ (አዲስ ከከፈትክ ማን እንደሆንክ ፈልጋ ነው የምታገኝህ) እንግሊዝኛውን በአማርኛ ብመልሰው ይሄን ጻፍኩ፦

«ዛሬ ስላነጋገርሽኝ አመሰግናለሁ። የወር መዝጊያ ላይ ሰው እንደሚያጥራችሁ ነግረሽኝ ነበር፣ እኔ አሁን በወር ወደ 400 ኢንቮይስ ከግዢ ትእዛዝና ከእቃ መረከቢያ ጋር አመሳክሬ እዘጋለሁ። ስለ ሶፍትዌሩ ስትጠይቂኝ በደንብ አልመለስኩም፣ የእናንተን አልሰራሁበትም፣ ተመሳሳዩን ግን ሦስት ዓመት ተጠቅሜያለሁ። ቀጣዩ ኢንተርቪው ከማናጀሩ ጋር ነው? ያለፉትን ሰዎች ስምስ መቼ ነው የምትልኪለት?»

በቃ ይሄው ነው። ደሞዝ አላነሳሁም፣ ስልኩ ላይ ተነጋግረን ጨርሰናል። ጥያቄዎቹን ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር፣ እኛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እየተባልን ነው ያደግነው፣ መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። እሷ ግን በማግስቱ ጠዋት መለሰች፣ ማናጀሩ እረፍት ላይ ነው፣ ረቡዕ ሲመለስ እልክለታለሁ፣ ከዛ 45 ደቂቃ በቪዲዮ ነው አለችኝ። ስራውን ገና አላገኘሁም፣ ቦታው ለሌላ ሰው ከታሰበ ወይም በጀቱ ከታጠፈ ምንም ብጽፍ አያድነኝም። ቢያንስ ግን እስከ ረቡዕ ስልኬን እያየሁ አልንቆራጠጥም።

ለመጀመሪያዋም ዛሬ ጠዋት አንድ መስመር ላክሁላት፣ «ቦታው ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል?» ብዬ። አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ እስካሁን መልስ የለም።