«እናቴ፣ የእርስዎ ስም እዚህ ላይ የለም»

አጎቴ ካረፉ በኋላ ባለቤታቸው በአራዳና በልደታ መካከል ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ አብሬያቸው ስለዞርኩ፣ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍሰው። ቅሬታዬ ማስረጃ መጠየቁ ላይ አይደለም፤ የሟች ገንዘብ ለመጣ ሁሉ እንዳይከፈል ማጣራት ተገቢ ነው። የሚያንገበግበኝ፣ አንዱ ቢሮ የሚሰጠው ወረቀት ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ ተቀባዩ ቢሮ አለማወቁ ነው።

የሞት ምስክር ወረቀቱን ከወረዳ አወጣን። ከዚያም የሦስቱን ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት አያይዘን፣ በቃለ መሐላ የተደገፈ አቤቱታ ለከተማው ፍርድ ቤት አቀረብን፤ በአዲስ አበባ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው እሱ ነውና። ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ ወጣ፣ ምስክሮች ተሰሙ። የአባት ስም በአንዱ ወረቀት ተያይዞ፣ በሌላው ተነጣጥሎ በመጻፉ ብቻ ቀጠሮው መዛወሩን ሳልጠቅስ አላልፍም። በመጨረሻ ልጆቹ ወራሾች መሆናቸውንና እያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ እንደሚደርሳቸው የሚገልጽ ማስረጃ ተሰጠን።

ሁሉም ነገር የተበላሸው ይህን ወረቀት ይዘን ሟች ሒሳብ ወደነበራቸው ባንክ በሄድን ጊዜ ነው። ሠራተኛው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እናቴ፣ የእርስዎ ስም እዚህ ላይ የለም፤ ወራሾቹ ይምጡ» አላቸው። ከዚያ ሰው ጋር ሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ ሴት ናቸው!

እርግጥ ነው፣ ስማቸው የለም፤ ሊኖርም አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት ውርስ የሚጠራው በቅድሚያ ልጆችን ሲሆን፣ ባልን ወይም ሚስትን በወራሾች ተራ ውስጥ አላስገባም። ይህ ማለት ግን ሚስት ባዶ እጇን ትወጣለች ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ የሚስት ግማሽ ከውርሱ በፊት ይወጣል፤ ውርስ የሚባለው የሟች ድርሻ የሆነው ቀሪው ግማሽ ብቻ ነው።

በቁጥር ላስረዳ። በሒሳቡ ውስጥ 240,000 ብር አለ እንበል። 120,000 ብሩ የሚስት ነው፤ ልጆቹ ከቀሪው እያንዳንዳቸው 40,000 ብር ይወስዳሉ። «አንድ ሦስተኛ» የሚለውን ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ የሚያሰላ ሠራተኛ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ 80,000 ብር ከፍሎ ፋይሉን ይዘጋል። በእኛ ቤት ልጆቹ እናታቸውን ስለሚወዱ ነው እንጂ፣ ሟች ከሌላ የወለዷቸው ልጆች ባሉበት ቤት ሴትየዋ የገዛ ገንዘቧን ለማስመለስ ከሳሽ ሆና ልትቆም ነው።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ስናቀርብ «ግማሹ የእሳቸው ነው የሚል ትዕዛዝ አምጡ» ተባልን። ፍርድ ቤቱ በበኩሉ የወረሰውን ሰው ለየ እንጂ ንብረቱ ለክርክር አልቀረበለትም፤ በዚህ አልፈርድበትም። አዲስ አቤቱታ ልናስገባ ስንል ደግሞ የገንዘቡ መጠን ይገለጽ ተባለ፤ የዳኝነት ክፍያው የሚሰላው በእሱ ነዋ። ባንኩ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መጠኑን አይናገርም! ከዚህ አዙሪት ያወጣን አንድ ጠበቃ ነው፤ ባንኩ የሒሳቡን መግለጫ ለፍርድ ቤቱ እንዲልክ ይታዘዝልን የሚል ጥያቄ በአቤቱታው ውስጥ አስገባልን። ይህን በመጀመሪያው ቀን በመስኮቱ በኩል የሚነግር አንድ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት?

የመጨረሻው ልጅ ገና አሥራ ስምንት አልሞላውም። አባት ሲሞት እናት ብቻዋን አሳዳሪና ሞግዚት እንደምትሆን ሕጉ ቢደነግግም፣ ባንኩ ለዚህም የፍርድ ቤት ማስረጃ ጠየቀ። ይህኛው እንኳ የሕፃን ገንዘብ ስለሆነ ይሁን፤ ግን ከመጀመሪያው ቢነገረን ከወራሽነቱ ጋር አብረን እንጠይቅ ነበር።

ሰው ለምን በአቋራጭ እንደሚሄድ የገባኝ አሁን ነው። አጎቴ ለባለቤታቸው የሰጡት ውክልና ነበር፤ አንዳንድ ጎረቤቶችም «መሞታቸውን ሳትናገሩ በእሱ አውጡ» ብለው መክረውናል። ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በእሱ ገንዘብ ማውጣት ተጠያቂነትን ያመጣል። እኛ እውነቱን ተናገርን፣ ሒሳቡም በዚያው ቀን ታገደ። የሚስትም የልጆችም ድርሻ እስካሁን አልተነካም፤ የባንኩ መግለጫ ለፍርድ ቤት እስኪደርስ እየጠበቅን ነው።